«መጨረሻው አመለጠኝ»፦ ያልተሰማን የዓረፍተ ነገር መጨረሻ በጨዋነት መጠየቅን ለአማርኛ ተማሪዎች ማስተማሪያ

አማርኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የሚማር ሰው ገና በመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች ሁለት ሐረጎችን ይይዛል፤ «አልገባኝም» እና «እባክዎ ይድገሙልኝ»። ሁለቱም ትክክለኛ አማርኛ ናቸው። ችግሩ የሚታየው ከክፍል ከወጡ በኋላ ነው። ተማሪው «ይድገሙልኝ» ሲል ተናጋሪው ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው አንሥቶ፣ በዚያው ፍጥነት፣ መጨረሻው ላይ ድምፁን እንደገና ዝቅ አድርጎ ይደግምለታል። ተማሪው ቀድሞ የሰማውን ሁለተኛ ጊዜ ይሰማል፤ ያመለጠው አሁንም ያመልጠዋል። ሦስተኛ ጊዜ መጠየቅ ስለሚያሳፍረው «እሺ» ብሎ ይሄዳል።

ይህ መመሪያ አማርኛን ለሌላ ቋንቋ ተናጋሪዎች ለምታስተምሩ ነው። የሚያተኩረውም በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ተማሪው የሰማውን ይዞ፣ ያመለጠውን ብቻ ነጥሎ፣ ተናጋሪውን ሳያስቀይም እንዲጠይቅ ማድረግ። እኔ እስከማየው ድረስ ተማሪው «እባክዎ» የሚለውን ቃል ከሚደጋግም ይልቅ ይህን ቢችል የበለጠ ጨዋ ሆኖ ይሰማል። የሰማውን ጠቅሶ የሚጠይቅ ሰው ሲያዳምጥ እንደነበረ ያሳያል፤ ለተናጋሪውም ሥራውን ያቀልለታል።

አማርኛ ላይ መጨረሻው ለምን ይከብዳል?

አንድ ዓረፍተ ነገር እንውሰድ፦ «ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከአስተባባሪዋ ጋር የነበረን ስብሰባ…»። እስከዚህ ድረስ ተማሪው ሁሉንም ቃል ቢሰማ እንኳ የያዘው ነገር የለም። የሚቀጥለው ቃል «ተሰርዟል» ሊሆን ይችላል፣ «አልተሰረዘም» ሊሆን ይችላል፣ «ተላልፏል» ሊሆን ይችላል። ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ድርጊቱ፣ ጊዜው፣ ማን እንዳደረገው፣ አዎንታና አሉታው ሁሉ እዚያች አንዲት ቃል ውስጥ ይታጨቃሉ። ተናጋሪ ደግሞ ወደ ዓረፍተ ነገሩ ማብቂያ ሲቃረብ ድምፁ ይወርዳል፤ ትንፋሹም ያልቃል። ከሁሉ በላይ ብዙ ነገር የተሸከመው ቃል ከሁሉ በታች በሆነ ድምፅ ይነገራል ማለት ነው።

ከዚህ የባሰው የአሉታ ጉዳይ ነው። «እንዲመጡ» እና «እንዳይመጡ» የሚለያዩት በአንድ አናባቢና በአንድ ቀላል ድምፅ ብቻ ነው። በስልክ፣ በጫጫታ ውስጥ ወይም በፍጥነት ሲነገሩ ልዩነታቸው በቀላሉ ይጠፋል። ስለዚህ ተማሪው «አብዛኛውን ገብቶኛል» ብሎ ሲያልፍ ያላገኛት ያቺ ትንሽ ክፍል ትእዛዙን ወደ ተቃራኒው ልትገለብጠው ትችላለች።

አንደኛ ደረጃ፦ ምን እንደጎደለ መለየት

ሐረግ ከማስተማራችሁ በፊት ተማሪዎቹ ሦስት ሁኔታዎችን በጆሮ እንዲለዩ አድርጉ። የመጀመሪያው ያልተሰማ ነው፤ ቃሉ ተነግሯል፣ ግን ድምፅ ዋጠው። ሁለተኛው የተሰማ ግን ያልገባ ነው፤ ቃሉን መልሶ ሊለው ይችላል፣ ትርጉሙን ግን አያውቅም። ሦስተኛው ጭራሽ ያልተባለ ነው፤ ተናጋሪው ዓረፍተ ነገሩን ጀምሮ በራሱ ፈቃድ ተወው።

ልዩነቱ ቢሮክራሲ አይደለም። ተናጋሪው የሚሰጠው ምላሽ በምንጠቀመው ቃል ይወሰናል። «አልሰማሁም» ያሉት ሰው ይደግማል። «አልገባኝም» ያሉት ሰው ያብራራል፤ ቀለል ባሉ ሌሎች ቃላት ይሞክራል፣ ምሳሌ ያመጣል፣ አንዳንዴም ተማሪው የማያውቀውን አዲስ ቃል ይጨምራል። አንዲት ቃል ብቻ ያልሰማ ተማሪ «አልገባኝም» ሲል ያልጠየቀው ማብራሪያ ይጎርፍበታል። በተጨማሪም «አልገባኝም» በክርክር መሐል ወይም በደረቅ ድምፅ ሲባል «አልስማማም» ወይም «ይህ ምን ማለት ነው!» የሚል ቅሬታ ሆኖ ሊሰማ ይችላል። ስለዚህ ለጀማሪ የመጀመሪያ ሐረግ አድርጌ የማስተምረው «አልሰማሁም»ን ነው።

ልምምዱ እንዲህ ነው። አሥር ያህል አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን ጻፉና ራሳችሁ ተናገሯቸው። በአንዳንዶቹ ላይ ግሱ ሲደርስ አስሉ ወይም አፋችሁን በወረቀት ሸፍኑ። በአንዳንዶቹ ውስጥ ተማሪዎቹ የማያውቁትን አንድ ቃል ጥርት አድርጋችሁ ተናገሩ። የቀሩትን ደግሞ «…ስለሆነ እንግዲህ…» ብላችሁ ክፍት ተዉአቸው። ተማሪዎቹ ገና ምንም መናገር የለባቸውም፤ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ጣት ብቻ ያነሣሉ። አሥር ደቂቃ ይበቃል። በየትኛው ላይ እንደሚሳሳቱም ልብ በሉ፤ ብዙውን ጊዜ ያልሰሙትን «የማላውቀው ቃል ነው» ብለው ያልፉታል። የሚያውቁት ቃል ሆኖ ሳለ በጫጫታ እንደተዋጠ ሲያውቁ ለመጠየቅ ድፍረት ያገኛሉ።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ሦስት ቅርጾችን ማስያዝ

የንግግር ተመራማሪዎቹ ኢማኑኤል ሼግሎፍ፣ ጌይል ጀፈርሰን እና ሃርቪ ሳክስ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች የንግግር ችግርን እንዴት እንደሚያስተካክሉ ከመረመሩ ወዲህ ጉዳዩ ራሱን የቻለ የጥናት መስክ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2015 በማርክ ዲንገማንስ እና በባልደረቦቹ የታተመ ሥራ ደግሞ በ12 ቋንቋዎች ላይ ተራ ጭውውቶችን አነጻጽሮ፣ አድማጮች በአማካይ በየ1.4 ደቂቃው አንድ ጊዜ ያህል ማስተካከያ እንደሚጠይቁ አሳይቷል። አማርኛ ከ12ቱ አንዱ አልነበረም። ለአስተማሪ የሚጠቅመው ግን ሌላው ግኝታቸው ነው፤ ሰዎች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሲያወሩ በጥቅሉ «እ?» ከማለት ይልቅ፣ ከቻሉ፣ ያመለጣቸውን ለይቶ የሚያመለክት ጥያቄ ይመርጣሉ። ተማሪዎቻችን የሚጎድላቸው ይህ ነው፤ የሚያውቁት ጥቅሉን ብቻ ነው።

ለአማርኛ የሚከተሉት ሦስት ቅርጾች አብዛኛውን ሁኔታ ይሸፍናሉ።

የመጀመሪያው «… ነው ያሉኝ?» የሚለው ነው። ባዶ ቦታው ላይ የጥያቄ ቃል ይገባል፦ «መቼ ነው ያሉኝ?»፣ «የት ነው ያሉኝ?»፣ «ስንት ነው ያሉኝ?»፣ «ማን ነው ያሉኝ?»። ይህ ቅርጽ ትልቅ ጥቅም አለው። «መቼ?» ብቻውን አዲስ ጥያቄ ይመስላል፤ «መቼ ነው ያሉኝ?» ግን «ነግረውኛል፣ እኔ ነኝ ያልያዝኩት» የሚል መልእክት በውስጡ አለው። የጠፋው ግሱ ራሱ ሲሆን «ማድረግ» ወይም «መሆን» ቦታውን ይይዛል፦ «ስብሰባው ምን ሆነ ነው ያሉኝ?»፣ «ቅጹን ምን ላድርገው ነው ያሉኝ?»። ተማሪዎች ይህንን የመጨረሻውን ለመቀበል ይቸገራሉ፤ «ላድርገው» እና «ነው» ተከታትለው መምጣታቸው ስሕተት ይመስላቸዋል። ሕጉን ከማብራራት ይልቅ ሙሉውን እንደ አንድ ቃል ደጋግመው እንዲሉት ማድረግ ይሻላል።

ሁለተኛው «እስከ … ድረስ ሰምቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለው አመለጠኝ» የሚለው ነው። ረዘም ያለ ስለሆነ ለመካከለኛ ደረጃ ተማሪ ይሆናል። ለጀማሪ አጭሩ ይበቃዋል፦ «ይቅርታ፣ መጨረሻው አመለጠኝ»። «አመለጠኝ» እና «አልያዝኩትም» ጥፋቱን ወደ አድማጩ ያዞራሉ። «ግልጽ አይደለም» ወይም «በደንብ አልተናገሩም» ግን ወደ ተናጋሪው ይወረውሩታል። ተማሪዎች ከራሳቸው ቋንቋ ገልብጠው «ግልጽ አይደለም» ማለት ይወዳሉ፤ ይህንን ቀድማችሁ አርሙ። ስልክ ላይ ከሁለቱም የተሻለ ተከሳሽ አለ፤ መስመሩ። «መስመሩ ይቆራረጣል፤ መጨረሻው አልተሰማኝም» ቢባል ማንንም አይነካም።

ሦስተኛው ምርጫ አቅርቦ መጠየቅ ነው፦ «ተሰርዟል ነው ያሉኝ ወይስ ተላልፏል?»፣ «እንዲመጡ ነው ወይስ እንዳይመጡ?»። ውጤቱ አሳሳቢ በሆነበት ቦታ ሁሉ፣ በተለይ አሉታ ባለበት፣ ከሦስቱ የምመርጠው ይህንን ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ተማሪው «እንዲመጡ ነው አይደል?» ብሎ ቢጠይቅ በግማሽ ጆሮ የሚያዳምጥ ሰው «አዎ፣ አዎ» ሊለው ይችላል። ምርጫ የቀረበለት ሰው ግን «አዎ» ብሎ ማምለጥ አይችልም፤ አንዱን መናገር አለበት። ያንን ቃል ደግሞ በዚህ ጊዜ ጥርት አድርጎ ይለዋል፤ ጥያቄው ያረፈበት እሱ ላይ ነውና።

ከእነዚህ ውጭ አንዲት አጭር ቃል አለች፤ «አቤት?»። ሙሉውን ያልሰማ ሰው ለማንም፣ ታላቅ ለሆነ ሰውም ጭምር ሊጠቀምባት ይችላል። ድምፁ ወደ ላይ መውጣት አለበት። ሳይወጣ ከቀረ ስሙ ተጠርቶ «አለሁ» እንዳለ ሰው ይሆናል፤ ተናጋሪውም ከመድገም ይልቅ ዝም ብሎ ይጠብቃል። «እ?» በጓደኛሞች መካከል ይሠራል። «ምን?» ለብቻዋ ግን ለማያውቁት ሰው ሻካራ ናት። «ምን አልክ?» ደግሞ ጠንከር ባለ ድምፅ ከወጣች ጠብ የምትጭር ዐረፍተ ነገር ናትና ተማሪው ድምፁን እስኪቆጣጠር ድረስ ብትቆይ ይሻላል።

ሦስተኛ ደረጃ፦ የአክብሮት ቅርጹና «ልኝ»

አማርኛ ላይ አንዲት «ድገም» አራት መልክ አላት፤ «ድገምልኝ»፣ «ድገሚልኝ»፣ «ድገሙልኝ»፣ «ይድገሙልኝ»። አራቱን በአንድ ሰዓት ማስተማር ተማሪውን በጭንቅ ጊዜ አፉን ያስይዘዋል፤ መናገር ሲገባው ሠንጠረዥ በልቡ ይገልጣል። እኔ የምመክረው በእርስዎ ቅርጽ መጀመርን ነው። «ቢደግሙልኝ» እና «ያሉኝ» ለወንድም ለሴትም አንድ ናቸው፤ ለእንግዳ ሰው ምንጊዜም ደኅና ናቸው። እኩያውን እርስዎ ያለ ተማሪ ትንሽ ደረቅ ሆኖ ቢሰማ ነው፤ ታላቁን አንተ ያለ ግን ያስቀይማል። እርስዎ ሳያስቡት ከአፍ መውጣት ሲጀምር «ብትደግምልኝ፣ ያልከኝ» እና «ብትደግሚልኝ፣ ያልሽኝ» ይጨመሩ።

ብዙ አስተማሪዎች የሚያልፏት ሌላ ነገር «ልኝ» ናት። ተማሪው «ይድገሙ» ካለ እርስዎ ብሎ እንኳ ትእዛዝ ሰጠ፤ እንደ ፈታኝ ሆነ። «ይድገሙልኝ» ሲል ግን ውለታ ጠየቀ። «ቢደግሙልኝ» ደግሞ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ስለሚተወው ከሁሉም ይለሰልሳል፤ «ደስ ይለኛል» የሚለው ሳይነገር ይታሰባል። «ሊደግሙልኝ ይችላሉ?» ስሕተት የለበትም፣ ግን የመጽሐፍ ጠረን አለው፤ በተራ ንግግር «ቢደግሙልኝ» ይቀድማል።

«መጨረስ» የሚለው ግስ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ተማሪው «ዓረፍተ ነገሩን እንዲጨርስ ልጠይቀው» ብሎ ያስብና «ይጨርሱ» ወይም «ጨርስ» ይላል። በአማርኛ ይህ «ቶሎ በል፣ ሰለቸኝ» ሆኖ የመሰማት ዕድሉ ሰፊ ነው። ስለዚህ ማስጨረስን ያለ «ጨርስ» አስተምሩ። ከሁሉ የሚሠራው ዘዴ የመጨረሻውን የተሰማ ቃል ድምፅ ከፍ አድርጎ መመለስና ዝም ማለት ነው፦ «ከአስተባባሪዋ ጋር የነበረን ስብሰባ…?»። ተናጋሪው ክፍቱን ቦታ ራሱ ይሞላዋል። ተማሪው ራሱ አቋርጦ ከሆነ ደግሞ «አቋረጥኩዎት፤ ይቀጥሉ» ይበል። «ይቀጥሉ» የሚጋብዝ ቃል ነው፤ «ይጨርሱ» የሚያጣድፍ።

አራተኛ ደረጃ፦ ሆን ተብሎ የተተወ መጨረሻ

ከላይ ሦስተኛ ያልነው፣ ጭራሽ ያልተባለው መጨረሻ፣ ለብቻው ሊታይ ይገባል። ሰው «ነገ እንኳን ትንሽ…» ብሎ ዝም ሲል አብዛኛውን ጊዜ «አይመቸኝም» ማለቱ ነው፤ ቃሉን ላለማውጣት ነው የተወው። እዚህ ላይ «ነገ ትንሽ ምን ነው ያሉኝ?» ብሎ መጠየቅ ሰዋስዉ የተስተካከለ፣ አክብሮቱ የተሟላ፣ ሆኖም የማይገባ ጥያቄ ነው። ሰውየው በልስላሴ ሊሸፍነው የፈለገውን እምቢታ በግድ ያስወጣዋል።

ተማሪው ይህንን በምን ያውቀዋል? ያልተሰማ መጨረሻ ላይ ተናጋሪው ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ ከጨረሰ በኋላም ምላሽ እየጠበቀ ያያል። የተተወ መጨረሻ ላይ የቀረው ቃል ይረዝማል፤ ዐይን ወደ ሌላ ይዞራል፤ ብዙ ጊዜም «እንኳን»፣ «እንግዲህ»፣ «ትንሽ»፣ «ስለሆነ» ከመሳሰሉት አንዱ መጨረሻ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ምልክቶቹ ፍጹም አይደሉም፤ ስልክ ላይ ደግሞ ግማሾቹ የሉም። ለዚህ የሚሆነው መልስ ተማሪው መጨረሻውን ራሱ በለዘበ መንገድ ማቅረቡ ነው፦ «ነገ አይመችዎትም ማለት ነው? ችግር የለም፣ በሌላ ቀን ይሁን»። ግምቱ ትክክል ከሆነ ተናጋሪው ይገላገላል። ስሕተት ከሆነ «አይ፣ ይመቸኛል፣ ግን ትንሽ ልዘገይ እችላለሁ» ብሎ ያርማል። በሁለቱም መንገድ መጨረሻው ተገኘ፤ ማንም አልተጨናነቀም።

ይህንን ክፍል ለጀማሪዎች አታስተምሩ። መጠየቅን ሳይለምዱ «መጠየቅ የሌለባችሁ ጊዜ አለ» ከተባሉ ጨርሶ መጠየቅ ያቆማሉ።

አምስተኛ ደረጃ፦ አንድ ሁኔታን እስከ መጨረሻው መሥራት

ሐረጎቹ ከተያዙ በኋላ አንድ ሙሉ ንግግር ወስዳችሁ በቀስታ ሥሩበት። መድኃኒት ቤት ጥሩ ምሳሌ ይሆናል፤ ስሕተቱ ዋጋ አለውና ተማሪው ለመጠየቅ በቂ ምክንያት ያገኛል።

ባለሙያው እንዲህ ይላል፦ «ይህን በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። ከምግብ በፊት ግን እን…»። በሩ ይዘጋል፤ መጨረሻው አይሰማም።

ተማሪዋ፦ «ይቅርታ፣ መጨረሻው አመለጠኝ። ከምግብ በፊት እንዲወሰድ ነው ያሉኝ ወይስ እንዳይወሰድ?»

ባለሙያው፦ «እንዳይወሰድ። ከምግብ በኋላ ነው…»። የቀረውን ወደ ኮምፒውተሩ ዞሮ ያጉተመትማል።

ተማሪዋ፦ «ከምግብ በኋላ ወዲያው ነው ወይስ ቆይቶ?»

ባለሙያው፦ «ወዲያው።»

ተማሪዋ፦ «እሺ፤ ጠዋትና ማታ፣ ምግብ እንደበላሁ ወዲያው። አመሰግናለሁ።»

እዚህ ውስጥ ለተማሪዎቹ ማሳየት ያለባችሁ ሦስት ቦታ አለ። አንደኛው «ግን» ናት። ባለሙያው «ከምግብ በፊት ግን» ማለቱ ብቻውን አሉታ ሊመጣ እንደሚችል ይጠቁማል፤ ተማሪዋም ለጥያቄዋ ሁለቱን አማራጮች ያገኘችው ከዚያ ነው። ፍንጩ ግን ለመጠየቅ እንጂ ላለመጠየቅ ምክንያት አይሆንም። ሁለተኛው፣ ሁለተኛ ጊዜ ስትጠይቅ «ይቅርታ፣ መጨረሻው አመለጠኝ»ን አልደገመችም። ያው ሐረግ ሁለቴ ሲሰማ ተናጋሪው ይሰለቻል፤ የጠየቀውም ሰው ጭራሽ እንዳልገባው ይቆጠራል። ሦስተኛው የመጨረሻው መስመር ነው። የተቀበለችውን በራሷ አማርኛ መልሳ ተናግራለች። ይህ ከሌለ ልውውጡ አልተዘጋም፤ ባለሙያው በትክክል እንደደረሳት የሚያውቅበት ሌላ መንገድ የለውም።

ቀጥሎ ያንኑ ንግግር በመጥፎ መንገድ አሠሯቸው። አንዱ «ይድገሙልኝ» ብቻ ይበል፤ ባለሙያውን የሚጫወተው ሰው ሙሉውን ይድገም፣ እንደገናም መጨረሻውን ያጉተምትም። ሌላው «ከምግብ በፊት ነው አይደል?» ይበል፤ ባለሙያው ሌላ ነገር እየሠራ «አዎ» ይበለው። ከዚያ «ታዲያ መድኃኒቱን መቼ ትወስዳለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ልዩነቱን ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ያዩታል።

ሁለቴ ተጠይቆም መጨረሻው ካልተያዘ መንገዱን መቀየር ይገባል። ያኔ «ቀስ ብለው ቢነግሩኝ» ይሞከራል፤ እሱም ካልሆነ ወረቀትና እስክሪብቶ ዘርግቶ «ቢጽፉልኝ» ማለት ነው። ቁጥር፣ ቀን፣ ስም ወይም የመድኃኒት መጠን ሲሆን ደግሞ እስከ ሁለት መጠበቅም አያስፈልግም፤ ከመጀመሪያው ማስጻፍ ይሻላል።

ስድስተኛ ደረጃ፦ በጥንድ ልምምድና ያልታሰበ ፈተና

ለጥንድ ልምምድ ተማሪዎቹን ጀርባ ለጀርባ አስቀምጡ። አንዱ ስድስት ዓረፍተ ነገር ያለበት ካርድ ይይዛል፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ክፍል ተሰምሮበታል። ሲያነብብ የተሰመረበትን ያጉተመትማል። ሌላው የሰማውን ጽፎ፣ የጎደለውን ጠይቆ ማሟላት አለበት። መስመሩን ሁልጊዜ ግስ ላይ አታድርጉ፤ አንዳንዴ ቀን፣ አንዳንዴ ቦታ፣ አንዳንዴ የሰው ስም ይሁን። አለበለዚያ ተማሪው ማዳመጡን ትቶ «መጨረሻው አመለጠኝ»ን እንደ መዝሙር ይደጋግማል። ጀርባ ለጀርባ መቀመጡ አስፈላጊ ነው፤ ፊት ለፊት ከሆኑ ከከንፈርና ከካርዱ ላይ ያነብባሉ።

በዚህ ልምምድ ላይ የሚታየው ዋና ችግር የሐሰት «እሺ» ነው። ተማሪው ይሰማል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ «እሺ» ይላል፣ ወረቀቱ ግን ባዶ ነው። አትቆጡት። «እሺ፤ ስለዚህ ምን ታደርጋለህ?» በሉት። መልስ ካጣ ራሱ ተመልሶ ይጠይቃል። ሌሎቹም ከጊዜ በኋላ ይህንኑ ጥያቄ ለራሳቸው ማቅረብ ይጀምራሉ። ሁለተኛው ችግር ይቅርታ ማብዛት ነው፤ «በጣም በጣም ይቅርታ፣ አማርኛዬ ደካማ ነው፣ እባክዎን…» እያለ ጥያቄው ሲመጣ ተናጋሪው የተናገረውን ረስቶታል። አንድ «ይቅርታ» ይበቃል፤ ጥያቄው ወዲያው ይከተል።

ትምህርቱ መያዙን የሚያሳየው ግን ልምምዱ አይደለም፤ በልምምድ ላይ ሁሉም መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል። ከሳምንት በኋላ፣ ስለ ሌላ ጉዳይ በምታስተምሩበት ቀን፣ ክፍሉ ሊበተን ሲል ለተማሪዎቹ የሚያስፈልግ ነገር ተናገሩና መጨረሻውን ዋጡት፦ «ለሚቀጥለው ጊዜ ገጽ አርባ ሁለትን አንብባችሁ ጥያቄዎቹን…»። ቦርሳችሁን አንሡ። ማን እንደሚጠይቅና በምን ቃል እንደሚጠይቅ አዳምጡ። አንዱ «ጥያቄዎቹን ምን እናድርጋቸው ነው ያሉን?» ካለ ቅርጹን ወደ ብዙ ቁጥር እንኳ በራሱ ቀይሮታል። «ምን?» ካሉ ሐረጉ ገና በወረቀት ላይ ነው፤ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ተመለሱ። ማንም ካልጠየቀ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ የቤት ሥራውን ሰብስቡና እያንዳንዱ ያንን ዓረፍተ ነገር በልቡ እንዴት እንደጨረሰው በየተራ ይናገር። አንዱ በቃሉ ይዟቸው ይመጣል፣ ሌላው ጽፎ መልሷቸዋል፣ ሌላው እንዲተዋቸው የታዘዘ መስሎታል። የሚቀጥለውን ልምምድ ከእነዚያ የተለያዩ መልሶች ጀምሩት።